የፀጉር ቤቷ ደብዳቤ፦ ኪራይ ይቀነስልኝ ወይስ ውሉ ይርዘምልኝ?



እዚህ ናይሮቢ፣ በተለይ ኢስሊ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍታችሁ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ከብዙዎቻችሁ የምሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ «ኬርቴከሩ መጥቶ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ ጨምሯል፣ ካልተስማማሽ ልቀቂ አለኝ»። ከዚያ ግማሹ ዝም ብሎ ይከፍላል፣ ግማሹ ተጣልቶ ይወጣል። ዛሬ የምነግራችሁ በመሀል ስላለው ሦስተኛ መንገድ፣ ማለትም ስለ ደብዳቤ ነው።

አንዲት እኅታችን ፀጉር ቤት አላት። ለቤቱ ባለቤት ደብዳቤ እንድጽፍላት ጠየቀችኝና አብረን ጻፍን። ደብዳቤውን፣ የመጣላትን መልስና መጨረሻውን ለሌሎች ይጠቅም ብላ እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች። ስሟንም ሕንፃውንም አልጠቅስም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉን አንብቤ፣ ያልገባኝን ደግሞ የሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጉር ቤቷን ከከፈተች አራት ዓመቷ ነው። ኪራይ በወር 40,000 ሽልንግ ትከፍላለች። ሁለት ልጆች አብረዋት ይሠራሉ፤ ደመወዝ ሳይሆን ከሠሩት ላይ ድርሻ ይወስዳሉ። የጽሑፍ ውል የላትም። ስትገባ መያዣ ከፈለች፣ ቁልፍ ተቀበለች፣ በቃ። አንድ ቀን ኬርቴከሩ መጣና ኪራዩ 50,000 ሆኗል አላት።

መጀመሪያ ያደረግነው ደብዳቤ መጻፍ አልነበረም። የሽያጭ ደብተሯን ይዘን ቁጭ አልን። የሦስት ወሩን አማካይ ስናወጣ በወር ወደ 160,000 ሽልንግ ይገባል። ከዚያ የልጆቹ ድርሻ 56,000፣ ቀለም፣ ሻምፑ፣ ሂውማን ሄርና ሌላው ዕቃ 24,000፣ መብራትና ውኃ 12,000፣ ፐርሚትና ልዩ ልዩ 3,000፣ ኪራይ 40,000 ነው። የሚተርፋት 25,000 ነው። ከዚያ ላይ 10,000 ከተነሳ 15,000 ይቀራታል፤ እሱም የሦስት ልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይና ቀለብ ነው። ይህም አማካዩ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ የሙሽራ ሥራ ይጠፋል፤ ፋሲካና ዒድ ሲቃረቡ ደግሞ ወንበር አይገኝም። ኪራዩ ግን ጾምም ፍስክም አያውቅም።

«እንግዲያው ይቀነስልኝ ብለህ ጻፍልኝ» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ «በዚህ ዓመት ቤቱ ላይ ምን ልታሠሪ አስበሻል?»

የፀጉር ማጠቢያው ፍሳሽ ተበላሽቶ ወደ ታችኛው ሱቅ ይንጠባጠባል። ቧንቧው ተነቅሎ እንደገና መሠራት አለበት፤ ሁለት አዲስ ማጠቢያ፣ ወለሉ ላይ ሴራሚክ፣ የውኃ ታንከር፣ ለካስኮቹ የሚችል ወፍራም የመብራት መስመር። ሠራተኛው የሰጣት ዋጋ በድምሩ 180,000 ነው። ወንበርና መስታወት ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ቧንቧና ሴራሚክ ግን ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ፀጉር ቤትን ከልብስ ሱቅ የሚለየው ይህ ነው። ልብስ ሻጭ ዕቃውን በማዳበሪያ ጭኖ በአንድ ቀን ይወጣል፣ ፀጉር ሠሪ ግን ገንዘቧን ሰው ግድግዳ ውስጥ ቀብራ ነው የምትሠራው።

ስለዚህ 180,000ን በምትቆይበት ወር አካፈልነው። አንድ ዓመት ብቻ ብትቆይ በወር 15,000 ይሆናል። ሁለት ዓመት ብትቆይ 7,500። ሦስት ዓመት ብትቆይ 5,000። እንግዲህ እዩት፤ በአንድ ዓመትና በሦስት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት በወር 10,000 ነው፤ ኬርቴከሩ ከጨመረው ጋር እኩል። ያን ጊዜ ነው ለእሷ የሚበልጠው ዋጋ መቀነስ ሳይሆን የቆይታዋ መረጋገጥ መሆኑ የታየን። ያለ ውል ኪራዩ ቢቀነስላት እንኳ፣ ባሠራች በስድስተኛው ወር ውጪ ብትባል ገንዘቧ ቀልጦ ይቀራል።

ቀጥሎ የባለቤቱን ሒሳብ ሠራን፤ ምክንያቱም ደብዳቤውን የሚያነበው እሱ ነው። በፎቁ ላይ ሦስት ክፍሎች ከአምስት ወር በላይ ተዘግተዋል። እሷ ብትወጣና ክፍሉ ሁለት ወር ብቻ ባዶ ቢቆይ 80,000 ያጣል። አዲስ ሰው የሚያመጣ ኤጀንት የአንድ ወር ኪራይ ቢጠይቅ 50,000 ነው። በድምሩ 130,000። ጭማሪው በወር 10,000 ስለሆነ፣ ያጣውን ለመመለስ ብቻ 13 ወር ይፈጅበታል። ይህን ሒሳብ ደብዳቤው ላይ አልጻፍነውም፤ ለባለሀብት ሒሳቡን ማስተማር ያስቆጣል። ሦስቱን ዝግ ክፍሎች ግን ጠቀስናቸው፤ የቀረውን እሱ ራሱ ያሰላዋል።

የእሷን ገቢም አልጻፍንም። «ብዙ አላተርፍም» ብላችሁ ደብተራችሁን ካሳያችሁ ወይ ደካማ ተከራይ ናት ይላል፣ ወይ ገና 25,000 አላት ይላል። ለባለቤቱ የሚነገረው የገበያው ዋጋ እንጂ የጓዳችሁ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፤ ደብዳቤው ውስጥ ያሉ አንዳንድ ቃላት ከዚያ ነው የመጡት። በኬንያ ሱቅን፣ ሆቴልንና ምግብ ቤትን የሚመለከት የአከራይና ተከራይ ሕግ አለ፤ በተለምዶ ካፕ 301 ይባላል። «ሱቅ» ሲል አገልግሎት በገንዘብ የሚሰጥበትን ቤት ስለሚጨምር ፀጉር ቤትም ይገባበታል። የጽሑፍ ውል የሌለው፣ ወይም ውሉ ከአምስት ዓመት ያልበለጠ ተከራይ በዚህ ሕግ ጥበቃ ውስጥ ነው። ትርጉሙ ምንድን ነው? ባለቤቱ ኪራይ ለመጨመርም ሆነ ለማስወጣት ሕጉ ባወጣው ፎርም በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ማስታወቂያው ከደረሳችሁ ቀን አንሥቶ ሁለት ወር ሳይሞላ አይሠራም። የኬርቴከር ቃል ጭማሪ አይደለም። ቁልፍ ቀይሮ ማስወጣትም አይፈቀድም።

ግን ይህ ጥበቃ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ፎርሙ በትክክል ከደረሳችሁ ዝም አትበሉ። በአንድ ወር ውስጥ አልስማማም ብላችሁ በጽሑፍ መመለስ፣ የተባለው ቀን ከመድረሱ በፊት ደግሞ ቢዝነስ ፕሪሚስስ ሬንት ትሪቡናል ዘንድ ማመልከት አለባችሁ። ያላመለከተ ሰው ላይ ማስታወቂያው ይጸናል። የደረሳችሁን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ሁለተኛ፣ የድሮውን ኪራይ መክፈል አታቁሙ። የሁለት ወር ኪራይ ያልከፈለ ወይም ሁልጊዜ የሚያዘገይ ተከራይ በሕጉ ለማስወጣት በቂ ምክንያት ይሰጣል። ተናዶ ኪራይ የያዘ ሰው ትክክል ሆኖ ሳለ ይሸነፋል። «ለሰላም ብዬ» ብሎ 50,000 የከፈለ ደግሞ በጭማሪው እንደተስማማ ሊቆጠርበት ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነው ደብዳቤውን የጻፍነው። በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ገለበጥነው። አማርኛው ይኸው፦

«ለተከበሩ የሕንፃው ባለቤት፤

ጉዳዩ፦ የፀጉር ቤቱን ኪራይና የውል ዘመን ይመለከታል።

ይህን ክፍል ከአራት ዓመት በፊት በወር 40,000 ሽልንግ ተከራይቼ እየሠራሁበት እገኛለሁ። በእነዚህ ዓመታት ኪራይ ሳልከፍል ያለፈ ወር የለም። በስሜ የከፈልኩበት የ36 ወር የኤም-ፔሳ ማስረጃ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ባለፈው ሳምንት ኪራዩ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 50,000 እንደሚሆን በኬርቴከሩ በኩል በቃል ተነግሮኛል። በጽሑፍ የደረሰኝ ነገር የለም። በፎቃችን ሦስት ክፍሎች ከአምስት ወር በላይ ተዘግተዋል፤ በመንገዳችን ላይ ተመሳሳይ ስፋት ያላቸው ሁለት ክፍሎች በ38,000 እና በ42,000 ተከራይተዋል። በዚህ ገበያ የተባለውን ጭማሪ መክፈል አልችልም።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ኪራዩ 40,000 እንዳለ ሆኖ የሦስት ዓመት የጽሑፍ ውል እንዲሰጠኝ። በዚህ ከተስማማን ወደ ታችኛው ሱቅ የሚንጠባጠበውን ፍሳሽ፣ ቧንቧውንና ወለሉን በራሴ ወጪ አድሳለሁ፤ ስወጣም ለሕንፃው ይቀራል።

ሁለተኛ፦ ረዘም ያለ ውል መስጠት ካልተመቸዎት፣ ኪራዩ ወደ 36,000 ዝቅ እንዲልልኝና እድሳቱን ሕንፃው እንዲያሠራው።

በጽሑፍ እስክንስማማ ድረስ እንደ ወትሮው 40,000 በየወሩ በቀኑ መክፈሌን እቀጥላለሁ። በሚመችዎ ቀን መጥቼ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር።»

በቃ ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ልመና የለበትም፣ ዛቻም የለበትም። ሕግ እንኳ አልጠቀስንም፤ «በቃል ተነግሮኛል፣ በጽሑፍ የደረሰኝ ነገር የለም» የሚለው መስመር ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይበቃዋል። «እስክንስማማ ድረስ 40,000 መክፈሌን እቀጥላለሁ» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም፤ ነገ ትሪቡናል ቢደረስ ኪራይ እንዳልያዘችና በጭማሪው እንዳልተስማማች በአንድ ጊዜ ያሳያል።

ማስረጃው ለምን የ36 ወር ብቻ ሆነ? የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ በጓደኛዋ ስልክ ነበር የምትልከው። በወረቀት ላይ የዚያን ዓመት ተከራይ እሷ አይደለችም። ይህ ብዙዎቻችን ጋ ያለ ጉዳይ ነው። ወረቀት እስኪወጣ ብለን በሰው ስም እንከፍላለን፤ ክርክር ሲመጣ ግን ሱቁ የማን እንደሆነ የምናሳይበት ነገር እናጣለን። ዛሬውኑ በራሳችሁ መስመር መክፈል ጀምሩ፤ ደረሰኝ ሲሰጧችሁም ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ወሰደችው። አንዱን ኬርቴከሩ ተቀበለ፤ በሌላው ላይ ቀኑን ጽፎ ፈረመ። ፎቶውን ለባለቤቱ በዋትስአፕም ላከችላቸው።

መልሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ደስ ብሏት ነው የደወለችልኝ፤ «መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥህ! ሦስት ዓመት ጠይቀን አምስት ዓመት ከሦስት ወር ሰጡን!»

ወረቀቱን ይዛ መጣች። በጠበቃ የተዘጋጀ ጥሩ ውል ነው፣ ዘመኑ አምስት ዓመት ከሦስት ወር። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሦስት ወሯ ከየት መጣች? ቀደም ብዬ እንዳልኩት የሕጉ ጥበቃ ውላቸው ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ነው። ሦስት ወር ሲጨመርበት ከጥበቃው ወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ትሪቡናል የለም፣ የሁለት ወር ፎርም የለም፤ ያለው ውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ይህ እዚህ አገር የተለመደ አጻጻፍ ነው፤ ሕገ ወጥም አይደለም። ትልቅ ድርጅት አንብቦ፣ ተደራድሮ ይፈርመዋል። እኛ ግን «ረጅም ጊዜ አገኘሁ» ብለን ነው የምንፈርመው።

ውስጡን አነበብነው። ኪራዩ በ45,000 ይጀምራል፣ በየዓመቱ 10 በመቶ ይጨምራል። አስር በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሚጨመረው በተጨመረው ላይ ነው። ሁለተኛው ዓመት 49,500፣ ሦስተኛው 54,450፣ አራተኛው 59,895፣ አምስተኛው ወደ 65,900። ያስፈራት የነበረው 50,000 በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ታልፏል፣ ያውም በገዛ ፊርማዋ።

ሌላም አለ። ተከራይ ዘመኑ ሳያልቅ ማስታወቂያ ሰጥታ የምትወጣበት አንቀጽ የለበትም። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሦስተኛ አገር ጉዳይዋ ቢሳካ፣ ወይም ከከተማ ካምፕ ግቡ ቢባል፣ የቀሩት ዓመታት ኪራይ ዕዳ ሆኖ ይከተላታል። ነገ የት እንደሚያድር ለማያውቅ ስደተኛ መውጫ በር የሌለው ረጅም ውል ቤት አይደለም፣ እስር ነው።

እዚህ ላይ ያወቅሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ሕግ፣ ውሉ ከአምስት ዓመት ቢረዝምም፣ ያለ ጥፋት በአምስት ዓመት ውስጥ ሊቋረጥ የሚችልበት አንቀጽ ካለው ተመልሶ ጥበቃው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «በሦስት ወር ማስታወቂያ መውጣት እችላለሁ» የሚል አንድ መስመር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መውጫ በር ይሆናል፣ ትሪቡናሉንም ይመልሳል። እሱን ይጨመርልን ብለን ጠየቅን። ጠበቃው አይሆንም አለ። ምክንያቱን እኛም እሱም እናውቀዋለን።

ስለዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን፣ አጭር፦ «ለሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ። አምስት ዓመት ከሦስት ወር ለእኔ ሁኔታ ረጅም ነው። የሁለት ዓመት ውል ይበቃኛል።» ከሦስት ወደ ሁለት የወረድንበት ምክንያት አለ። ከሁለት ዓመት የሚበልጥ ውል መመዝገብ ይፈልጋል፤ የባለቤቱን የመሬት ሰነድና የጠበቃ ወጪ ያስከትላል። የሁለት ዓመቱ ግን ቀላል ነው፣ ጥበቃውም አብሮት አለ።

ከዚያ ራሷ ሄዳ አነጋገረቻቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ሻይ አዘዙላት። ሲጨርሱ የተስማሙት ይህ ነው፦ የሁለት ዓመት ውል፣ የመጀመሪያው ዓመት 40,000፣ ሁለተኛው 44,000፣ በሦስት ወር ማስታወቂያ መውጣት ትችላለች። ኪራይ ግን አልቀነሱላትም፣ ከእድሳቱም አንድ ሽልንግ አልተካፈሉም።

እሷም ሥራውን ቀነሰችው። ለሁለት ዓመት 180,000 መቅበር አያዋጣም ብላ ፍሳሹንና አንድ ማጠቢያ ብቻ በ110,000 አሠራች። በ24 ወር ሲካፈል ወደ 4,600 ነው። በአማካይ ኪራዩ 42,000 ስለሆነ፣ እድሳቱ ታክሎበት እንኳ ኬርቴከሩ በቃል ከጠየቃት 50,000 በታች ነች። ሀብት አይደለም። ሁለት ዓመት ግን በየወሩ መጀመሪያ በሩ ሲንኳኳ ልቧ አይመታም።

ደብዳቤው ባይሠራስ ኖሮ? ደብዳቤ ንግግር ነው እንጂ ሕጋዊ ማስታወቂያ አይደለም። ባለቤቱ መልስ ባይሰጡ፣ ተከራይም ኪራይ እንደገና እንዲተመን የምትጠይቅበት ፎርም በዚያው ሕግ ውስጥ አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ትሪቡናል ነው። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ግን ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ። ኪቱዎ ቻ ሸሪያና የኬንያ ስደተኞች ኮንሶርቲየም ለስደተኛ የሕግ ምክር ይሰጣሉ።

አንድ የምጠይቃችሁ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ውል ሲሰጣችሁ ከኪራዩ በፊት ዘመኑን አንብቡ። «አምስት ዓመት ከ…» የሚል ካያችሁ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጡና መውጫውን ፈልጉ። ፀጉር ቤት ያላት እኅት፣ አክስት፣ ጎረቤት ካለቻችሁ አድርሱላት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ደብዳቤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስምና ቁጥር ቀይራችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ሰላም ሁኑ።